300 ልኬ 738 ሚሊዮን ሲደርስ

እኔ 300 ብዬ ልኬያለሁ። ባልደረባዬ ዘንድ የደረሰው 738,263,040 ነው። መንገድ ላይ የጨመረበትም የቀነሰበትም የለም፤ አራት ባይት ወጣ፣ አራት ባይት ገባ።

የኔ ፕሮግራም በሲ የተጻፈ ነው፣ የባልደረባዬ በጃቫ። ውላችን ቀላል ነበር፦ መጀመሪያ የመልእክቱ ርዝመት በአራት ባይት፣ ቀጥሎ መልእክቱ ራሱ። ወረቀቱ «አራት ባይት» ይላል፤ ከየትኛው ጫፍ እንደሚጀመር ግን ዝም ነው። እኔም እንዲህ ብዬ ላክሁ፦

```c
uint32_t n = 300;
send(s, &n, 4, 0);
```

ኢንቴል ፕሮሰሰር ቁጥርን የሚያስቀምጠው ከትንሹ ጫፍ ጀምሮ ነው። 300 ማለት አንድ 256 እና 44 ስለሆነ 44 ቀድሞ ወጣ፣ 1 ተከተለው፣ ከኋላ ሁለት ዜሮ። የጃቫው `readInt()` ደግሞ የተቀመጠበት ማሽን ምንም ይሁን ምን፣ ቀድሞ የመጣውን ባይት ትልቁ ነው ብሎ ይቀበላል። 44ቱን በ16,777,216፣ 1ዱን በ65,536 አባዛና ደመረ። ሁለቱ ፕሮግራሞች አንድ ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡም ውጤቱ ይኸው ነው። «ሦስት ሰዓት እንገናኝ» ብሎ ከፈረንጅ ጋር የተቃጠረ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ የሁለቱም ሰዓት ልክ ነው፣ ግን አይገናኙም።

የጃቫው ፕሮግራም ወዲያው ቢሞት እኮ ደግ ነበር። ርዝመቱ 200 ሲሆን ይሞታል፤ ቀድሞ የሚገባው ባይት ከ127 ስለሚበልጥ ቁጥሩ ኔጌቲቭ ይሆንና ጃቫ `NegativeArraySizeException` ብሎ ይጮኻል። እሰየው! 300 ሲሆን ግን 738 ሚሊዮን ባይት ቦታ ይይዝና ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ስሕተት የለም፣ ሎጉ ንጹሕ ነው፣ ፕሮሰሰሩም አርፏል። ያኔ «ኔትወርኩ ነው» ይባልና ምንም ያላጠፉት የኔትወርክ ሰዎች ከምሳ ይጠራሉ። ከሁሉም የከፋው 256 ነው፤ ሲገለበጥ 65,536 ይሆናል። ይህ የሚያስደነግጥ ቁጥር አይደለም። ስለዚህ ከኋላ የሚመጡትን ይህንኑ የሚያህሉ ከ200 በላይ መልእክቶች ከነርዝመታቸው እንደ አንድ መልእክት ይውጥና፣ ከአንዱ መካከል ተነሥቶ ማንበቡን ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ የምታዩት ዝባዝንኬ ከምንጩ ጋር ምንም አይመሳሰልም።

እኛ ያገኘነው በ`tcpdump -X` ነው። `00 00 01 2c` መሆን የነበረበት `2c 01 00 00` ሆኖ ተቀምጧል። ሁለት ቀን ፈጀብን። ቀደም ብለንማ ሞክረናል፤ ግን እኔ ሲን ከሲ ጋር፣ እሱ ጃቫን ከጃቫ ጋር። ሁለታችንም አለፍን። ለሙከራ `0x01020304` ብንልክ ኖሮ ገና ስናየው መገልበጡን እናውቅ ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ማታ እኔ `htonl(n)` ጨመርሁ። በዚያው ማታ እሱ ደግሞ፣ አዝኖልኝ ነው መሰል፣ በበኩሉ `Integer.reverseBytes` ጨመረ። ጠዋት 738,263,040 ተመልሶ መጣ።

ስሙም አያግዝም። «ቢግ ኢንዲያን» ስል አለቃችን ከህንድ የመጣ ሰው መስሎት «የት ክፍል ነው የሚሠራው?» አለ። ቃሉን ዳኒ ኮኸን የተባለ ሰው በ1980 ያመጣው ከ«ጉሊቨር» ታሪክ ነው፤ እዚያ ሰዎቹ እንቁላል ከየትኛው ጫፍ ይሰበር ብለው ይዋጋሉ። ኢንተርኔት በበኩሉ ለራሱ ራስጌዎች ከትልቁ ጫፍ ብሎ ወስኗል፤ ውስጥ የምትጭኑት ግን የራሳችሁ ጣጣ ነው። ዛሬ በየጠረጴዛውና በየኪሱ ያለው ማሽን ከሞላ ጎደል ትንሹን የሚያስቀድም ነው። ታዲያ ሁለት እንዲህ ያሉ ማሽኖች ሲነጋገሩ ላኪው ይገለብጣል፣ ተቀባዩ መልሶ ይገለብጣል። ለማን ሲባል?

ፋይልም ያው ነው። ቢኤምፒ ስፋቱን ከትንሹ ጫፍ ይጽፋል፣ ፒኤንጂ ከትልቁ። በ`readInt()` 640 ነጥብ ስፋት ያለውን ቢኤምፒ ብታነቡ ስፋቱ ከዜሮ በታች ሁለት ቢሊዮን ይሆናል። ሰው የሆነው ቲፍ ነው፤ ፋይሉ ሲከፈት ገና `II` ካለ ከትንሹ፣ `MM` ካለ ከትልቁ ብሎ ይናገራል። ሁለት ፊደል ብቻ!

እባካችሁ፣ የፕሮቶኮል ወረቀት ስትጽፉ «አራት ባይት» ብላችሁ አታቁሙ፤ «ትልቁ ቀድሞ» ወይም «ትንሹ ቀድሞ» ብላችሁ ጨምሩ። ማታ ልታስተካክሉት ከተነሣችሁም፣ መጀመሪያ ደውሉልኝ።