ቁጠባችሁ ይባረክ!

ለመልእክት መተግበሪያዎች ምስጋና የሚነፍግ ሰው ካለ ውለታ ቢስ ነው። የባንክ ሂሳቡን እንቅስቃሴ በስክሪንሾት አንስቶ በቴሌግራም የሚልክ ሰው ስልኩ ላይ የሚያየው ቁልጭ ያለ ቁጥር ነው። ተቀባዩ ዘንድ የሚደርሰው ደግሞ ጉም ነው። መልእክትን ሦስተኛ ወገን እንዳያነበው መመስጠር ድሮም ነበረ፤ ሁለተኛው ወገን ራሱ እንዳያነበው አድርጎ መላክ ግን የእነዚህ መተግበሪያዎች ልዩ ጸጋ ነው።

ጸጋው እንዴት እንደሚሠራ በሂሳብ ማየት ይቻላል። ቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የሚላክን ምስል ለረጅም ዘመን ሲያሳንስ የኖረው ረጅሙ ጎን ከ1280 ፒክስል እንዳይበልጥ አድርጎ ነው። አንድ ወር ሙሉ የገባና የወጣውን ገንዘብ በአንድ ረጅም ስክሪንሾት ያነሳ ሰው፣ 1080 በ7200 ፒክስል የሆነ ምስል ሊኖረው ይችላል። 7200ው ወደ 1280 ሲወርድ 1080ው ወደ 192 ይወርዳል። 36 ፒክስል ቁመት የነበረው አኃዝ አሁን 6 ፒክስል ገደማ ነው፤ በዚህ ቁመት 8 እና B፣ 5 እና S ወንድማማች ናቸው፤ የግብይት ቁጥር ደግሞ ከእነዚሁ የተሠራ ነው። የእኛ ፊደል ዕጣ ከዚህም ይከፋል። «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው ቅጥያው እግሩ ወገብ ላይ ወይም ግርጌው ላይ መሆኑ ብቻ ነው። ያ ቅጥያ 4 ፒክስል ውፍረት ከነበረው ከአንድ ፒክስል በታች ሆኖ ግራጫ ጥላ ይሆናል። አንባቢው እንግዲህ በዐውድ ይገምት፤ ብርም በዐውድ ይገመት እንደሆነ ባንኩን መጠየቅ ነው።

«ዳታ ለመቆጠብ ነው» ይባላል። ዳታ ውድ በሆነበት አገር ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ ከካሜራ የወጣ ብዙ ሜጋባይት የሚመዝን የሠርግ ፎቶ ቢጨመቅ የሚከፋው የለም። ጄፔግ የተሠራውም ለዚያው ነው። ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ይከፍልና በየካሬው ውስጥ ያለውን ደቃቅ ለውጥ ይጥላል። በሰማይና በጉንጭ ላይ ዓይን ይህን አያስተውልም። ፊደል ግን ከጥቁር ወደ ነጭ ድንገት ከሚዘልለው ጠርዙ በቀር ሌላ ምንም የለውም፤ ጄፔግ እንደ ትርፍ ቆጥሮ የሚጥለው ያንኑ ነው። በፊደሉ ዙሪያ ትንኝ የመሰለ ነጠብጣብ የሚርመሰመሰውም ለዚህ ነው። ስክሪንሾት ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ደግሞ በፒኤንጂ ነው፤ ፒኤንጂ አንድ ዓይነት ቀለም የተለጠፈበትን ሰፊ ነጭ ሜዳ ምንም ሳይጥል አሳንሶ ያስቀምጣል። ስለዚህ ጽሑፍ ብቻ ያለበት ስክሪንሾት ሳይነካም ቀላል ነው። ጨምቆ መላክ፣ «አልነበብ አለኝ» የሚል መልስ መቀበል፣ ከዚያ እንደገና በፋይል መላክ፦ ይህ ሁሉ ቁጠባ ከተባለ፣ አባካኝነት ምን ሊባል ነው?

«HD የሚል ቁልፍ መጥቷል እኮ» የሚልም አለ። እውነት ነው፤ ዋትስአፕ በ2023 አምጥቶታል። ግን ቁልፉን ማስታወስ የላኪው ዕዳ ነው፤ HDም ቢሆን ጣሪያውን ከፍ አደረገው እንጂ አላነሳውም፤ ረጅም ስክሪንሾት አሁንም ይጨመቃል። መተግበሪያው ምስሉ ፒኤንጂ መሆኑን፣ ቁመቱም ከወርዱ ስድስትና ሰባት እጥፍ መሆኑን ያውቃል፤ ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ማመልከቻ እንደሚፈልግ እንጃ።

እስከዚያው ምስልን ምስል አይደለም ብሎ መላክ ነው። ቴሌግራም ላይ በአባሪ ምልክቱ ገብቶ File የሚለውን፣ ዋትስአፕ ላይ Document የሚለውን መርጦ ስክሪንሾቱን ከዚያ ማውጣት፤ ፎቶ መሆኑ ሲካድለት አንድ ፒክስል ሳይጎድልበት ይደርሳል። ጉድለት የለውም አይባልም፦ ተቀባዩ ለማየት አውርዶ መክፈት ሊኖርበት ይችላል፤ በካሜራ የተነሳ ፎቶ በዚህ መንገድ ከሄደ ደግሞ የተነሳበት ቦታ መረጃ አብሮት ሊሄድ ይችላል፤ ተራው መንገድ ግን ያንን አብዛኛውን ጊዜ ይገፍፈዋል። ስክሪንሾት ላይ ይህ ስጋት እምብዛም የለም። የደረሰው ጭጋግ ከሆነ ሰው በሁለት ጣት እየለጠጠ አይድከም፤ የምስሉን ዝርዝር ከፍቶ ረጅሙ ጎን ልክ 1280 ላይ ቆሞ ካገኘው ፊደሉ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ያንኑ ምስል በፋይል አድርጎ መልሶ መላክም አያድነውም፤ መለመን ያለበት ዋናው ስክሪንሾት ያለውን ሰው ነው።