ዳኛው ብቻ ያነበበው ውል

አዲስ ሥራ ስንጀምር ከሚቀርብልን የወረቀት ክምር ውስጥ በጥሞና የምናነበው ገጽ አንድ ነው፤ ደመወዙ የተጻፈበት። የቀረውን እየገለበጥን እንፈርማለን። አሠሪውም ቢሆን አላነበበውም፤ ጠበቃ ሰጥቶት ነው። ጠበቃውም ከቀድሞ ደንበኛው ውል ላይ ስም ብቻ ቀይሮ ገልብጦታል። ሦስት ሰዎች ሳያነቡት የሚያምኑትን ይህን ሰነድ ከዳር እስከ ዳር የሚያነበው የመጀመሪያ ሰው ብዙ ጊዜ ዳኛ ነው። ዳኛው ደግሞ ሲያነብ ይስቃል ወይም ይቆጣል።

በአሜሪካ ቨርጂኒያ የሆነውን እንይ። ሆም ፓራማውንት የተባለ ተባይ አጥፊ ኩባንያ አንድ ሠራተኛ ነበረው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በጥር 2009 ፈረመ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ለቀቀና ተፎካካሪ ድርጅት ገባ። የፈረመው አንቀጽ እንዲህ የሚል ነበር፦ ከለቀቀ በኋላ ለሁለት ዓመት፣ ይሠራባቸው በነበሩ ከተሞችና ካውንቲዎች ሁሉ፣ በተባይና በምስጥ ማጥፋት ንግድ ውስጥ በባለቤትነትም ሆነ በወኪልነት፣ በተቀጣሪነትም ሆነ በሽርክና፣ በሥራ መሪነትም ሆነ በባለአክሲዮንነት አይገባም። አርቃቂው ይህን ሁሉ ደርድሮ አልረካም። «ወይም በማንኛውም መልኩ» የሚል ጨመረበት። ነገር ሲበዛ በአህያ አይጫንም ያሉት አበው ይህን ውል ቢያዩት ምን ይሉ ይሆን!

ኩባንያው ከሰሰ። የፌርፋክስ ፍርድ ቤት ገደቡ ከልክ አልፏል ብሎ ክሱን ጣለው፤ የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2011 ውሳኔውን አጸና። ፍርድ ቤቱ በእንዲህ ዓይነት ውል የሚመዝነው ሦስት ነገር ነው፤ የተከለከለው ሥራ ምን ድረስ ነው፣ የት የት ነው፣ ለስንት ጊዜ ነው። ሦስቱን አንድ ላይ ያያቸዋል። ገደቡ ተገቢ የንግድ ጥቅሙን ለመጠበቅ ከሚያስፈልገው እንደማያልፍ የማስረዳት ሸክሙም የአሠሪው ነው። እዚህ ጉዳይ ላይ የሁለት ዓመቱ ጊዜ ብዙም አላነጋገረም። ውሉን የጣለው የሥራው ዓይነት ነው። ውሉ ሰውየው ይሠራው በነበረው ሥራ ሳይወሰን በዘርፉ ጨርሶ እንዳይታይ ከለከለው። ዳኞቹ እንዳሉት ቃሉ በቁሙ ከተወሰደ፣ ሰውየው በዓለም ዙሪያ የሚነግድ አንድ ግዙፍ ኩባንያ በጎን ተባይ አጥፊ ቅርንጫፍ ቢኖረው፣ የዚያን ኩባንያ አክሲዮን ገዝቶ ቤቱ መቀመጥ እንኳ አይችልም ነበር። አክሲዮን ይዞ የተኛ ሰው የማንን ምስጥ እንደሚቀማ ኩባንያው ማስረዳት አልቻለም። የቨርጂኒያ ጠበቆች ለዚህ አጭር ፈተና አላቸው፦ ሰውየው ተፎካካሪው ቤት ወለል ጠራጊ ሆኖ ቢቀጠር ውሉን ያፈርሳል? መልሱ «አዎ» ከሆነ ውሉ ያለቀለት ነው።

የነገሩ ቀልድ ግን ወዲህ ነው። ይህንኑ አንቀጽ ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1989 «ተገቢ ነው» ብሎ አጽድቆት ነበር። ኩባንያው ያን ድል እንደ ክታብ አንገቱ ላይ አስሮ ሃያ ምናምን ዓመት ኖረ። በመካከሉ ፍርድ ቤቱ በሌሎች መዝገቦች የሥራውን ዓይነት ይበልጥ እያጠበቀ ይመረምር ጀመር፤ ክታቡን ግን የከፈተው የለም። በ2011 ኩባንያው «ራሳችሁ ያጸደቃችሁት እኮ ነው!» ቢል፣ ዳኞቹ ሕጉ ከዚያ ወዲህ ጠርቷል ብለው መለሱት።

«ታዲያ የበዛውን ቆርጠው የቀረውን ቢያጸኑትስ?» የሚል ይኖራል። በሌሎች አንዳንድ ግዛቶች ዳኛ እንዲህ ያደርጋል፤ የቨርጂኒያ ዳኞች ግን በጥቅሉ መቀስ አያነሡም። ምክንያቱ አሠሪን ከማወቅ የመጣ ይመስለኛል። ዳኛው የሚያስተካክልልህ ከሆነ ለምን ትቆጠባለህ? መጀመሪያ ዓለምን ሁሉ ትከለክላለህ፤ የፈራ ይታዘዛል፤ የደፈረው አንዱ ቢከስህ ደግሞ ፍርድ ቤቱ በነጻ አሳምሮ ያርምልሃል። ስለዚህ አንቀጹ ወይ እንዳለ ይቆማል፣ ወይ እንዳለ ይወድቃል። ሁሉን ልያዝ ያለው ባዶ እጁን ይወጣል።

የምስጢር አንቀጽም ከዚህ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2009 በዚያው በፌርፋክስ አንድ ዕቃ አድራሽ ኩባንያ ሠራተኛውን ስለ ንግዱ ማናቸውንም መረጃ ለማንም እንዳይናገር አስፈርሞት ነበር፤ ያውም ጊዜ ሳይወስን። ዳኛው ይህንንም አልተቀበሉትም። እንዲህ ያለው ውል ሰውየውን ጎረቤቱ «የት ነው የምትሠራው?» ብሎ ቢጠይቀው ምን እንደሚመልስ እንኳ ያስጨንቃል። ይህ ማለት ግን የአሠሪን የደንበኛ ዝርዝር በኪስ ይዞ መውጣት ተፈቀደ ማለት አይደለም። እውነተኛ የንግድ ምስጢር አንቀጹ ቢወድቅም የራሱ ሕግ ይጠብቀዋል። ሕጉ ግን አሠሪውን አንድ ነገር ይጠይቀዋል፤ ምስጢር ያልከውን አንተስ በምስጢር ይዘኸዋል?

ይህን የማነሣው ወሬው ወደኛ ሰፈር ስለደረሰ ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ አንድ ምግብ ቤት ያለው የአገሬ ሰው ከኢንተርኔት ያወረደውን ውል አስተናጋጇን አስፈረማት፤ ከለቀቀች ለሁለት ዓመት በምግብ ሥራ «በማንኛውም መልኩ» እንዳትገባ፣ የበርበሬውን አሠራርም ለማንም እንዳታወጣ። ልጅቷ ከመቀጠሯ በፊት ከእናቷ ጋር በርበሬ ስትቀነጥስና ስታሰጣ ነው ያደገችው። «ጋሼ፣ እናቴንም ላስፈርማት?» አለችው አሉ።

ጋሼ ያላወቀው ሌላም አለ። ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2020 ወዲህ ዝቅተኛ ተከፋይ ሠራተኛን በእንዲህ ዓይነት የፉክክር ገደብ ማሰርን በሕግ ከልክላለች። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ደግሞ በፌዴራል ሕግ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚገባው ሠራተኛ ሁሉ በዚህ ጥበቃ ውስጥ ገብቷል። ለአንድ ጥሰት ቅጣቱ 10,000 ዶላር ነው። ሕጉ የምስጢር ውልን አልከለከለም፤ ጋሼ ለራሱ ብቻ የሚያውቀው የቅመም ልክ ካለው በትክክል ለይቶ ይጻፈው። ሚጥሚጣ እንደሚያቃጥል ግን ምስጢር ሊሆን አይችልም።

ይሁንና አርቃቂዎቹን ሞኝ ለማለት አልቸኩልም። ፍርድ ቤት የሚፈርደው በቀረበለት መዝገብ ላይ ነው፤ ስንቱ ሠራተኛ ግን ዋጋ የሌለውን አንቀጽ ፈርቶ የተሻለ ደመወዝ እየጠራው ቤቱ ይቀመጣል! የማይጸና ውል የሚጸናው ክስ ሳይመጣ ነው። ስለዚህ ፈራሚ ሆይ፣ ውልህ ላይ «በማንኛውም መልኩ» የሚል ሐረግ ብታይ ቶሎ አትደንግጥ፤ ኮፒውን አስቀምጥና ከመልቀቅህ በፊት ለጠበቃ አሳየው። አንድ ነገር ብቻ አታድርግ፤ «ይህ በዝቷል፣ ልክ ይደረግልኝ» ብለህ አሠሪህን አትለምን። ሊለቅህ የተዘጋጀውን ገመድ እንዲያጠብቀው ያስተማርከው አንተ ትሆናለህ።