ይድረስ ለመላው ነዋሪ

በኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴው አብዝቶ የሚተማመንባቸው አንድ ሰው አሉ፤ መላው ነዋሪ ይባላሉ። የቤት ቁጥራቸውን የሚያውቅ የለም፤ የጥበቃ ክፍያም ከፍለው አያውቁም። የጽዳት ዘመቻ በመጣ ቁጥር ግን አካፋና ዶማ ይዘው በነቂስ እንዲወጡ የሚታዘዙት እሳቸው ናቸው። እስካሁን ብቅ አላሉም።

ጥሪው እንደ ወጉ ዓርብ ማታ በቴሌግራም ይለቀቃል፤ አስቀድሞ የሰማ ሰው ቅዳሜውን ነጻ አድርጎ ቢጠብቅ ነውር ነዋ! «ውድ ነዋሪዎች፣ ጽዱ አካባቢ ለጤናማ ማኅበረሰብ ያለውን የላቀ ፋይዳ በመገንዘብ፣ ነገ ጠዋት በሚካሄደው ታላቅ የጽዳት ዘመቻ መላው ነዋሪ በነቂስ ወጥቶ አሻራውን እንዲያሳርፍ እናሳስባለን። ኮሚቴው።»

ጥበቡን ልብ በሉ። ጠዋት የተባለው 12 ሰዓት ይሁን 4 ሰዓት አይታወቅም። የሚጸዳው ቦታ አልተነገረም፤ የሚያልቅበት ሰዓትም የለም። ለቅሶ መድረስ ወይም ገበያ መውጣት ያለበት ሰው መቼ እንደሚለቀቅ ስለማያውቅ ከነጭራሹ መቅረቱን ይመርጣል። ከሁሉም በላይ በመልእክቱ ውስጥ አንድም ጥያቄ የለም፤ ስለዚህ ማንም አይመልስም። ዐሥራ ምናምን ሰው የአውራ ጣት ምልክት ያስቀምጣል፤ ኮሚቴውም ይህን ቆጥሮ ይተኛል። በአውራ ጣት የተጠረገ ቦይ ግን እስካሁን አላየንም።

ቅዳሜ የሚወጡት ሊቀመንበሩ፣ የጥበቃ ሠራተኛውና ሁልጊዜም የማይቀሩት ሦስት እናቶች ናቸው። ማታ ሁለተኛው ድንቅ ጽሑፍ ይከተላል፦ «በአብዛኛው ነዋሪ ግድየለሽነት እጅግ አዝነናል።» ለመጡት ምስጋና የለም። ለቀሩት ግን የምሥራች ነው፤ የቀረው አብዛኛው ሰው መሆኑን ኮሚቴው ራሱ መሰከረላቸው። ከዚህ ወዲያ መውጣት ከጎረቤት መለየት ይሆናል። በሚቀጥለው ዘመቻ ከሦስቱ እናቶች አንዷ ብትቀር ማን ይፈርድባታል?

በዚህ መሀል የኮሚቴ አጻጻፍ ያልተማረች አንዲት ጎረቤት ተነሣች። ክረምት ሳይገባ ከሕንፃው ጀርባ ያለው የጎርፍ መውረጃ በደለልና በፌስታል መደፈኑን አይታ፣ «ታላቅ ዘመቻ» ማወጅ ሲገባት ሥራውን ቆጠረች። ክዳን የሚያነሱ ሁለት፣ ደለል የሚዝቁ ሦስት፣ ማዳበሪያ የሚይዙና የሚያስሩ ሁለት፣ ሻይ የሚያፈላ አንድ፤ በድምሩ ስምንት ሰው። ሁሉም እንደማይመቸው ስለምታውቅ ለዐሥራ አምስት ሰው፣ ለእያንዳንዱ ለብቻው፣ ስሙን ጠርታ ማክሰኞ ዕለት ጻፈች። በአራተኛ ፎቅ ላሉት አዛውንት የላከችው ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ከሕንፃችን ጀርባ ያለውን ቦይ እንጠርጋለን። እርስዎ ማዳበሪያ ቢይዙልን ይበቃል። ይመቸዎታል? ካልተመቸዎት አካፋዎን ያውሱን። እስከ ሐሙስ ቢነግሩኝ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

እንዴት ያለ ድፍረት ነው! ፋይዳ የለ፣ አሻራ የለ። ሰውዬው ስማቸው ስለተጠራ ዝም ማለት አልቻሉም፤ «ወገቤን ያመኛል፣ አካፋውን ግን ልጄ ያመጣዋል» ብለው መለሱ። ከአካፋው ጋር አንድ ሰው ተገኘ ማለት ነው። አንዳንዱ አልችልም አለ፤ እሱም መልስ ነው፣ ምክንያቱም ሐሙስ ማታ ስንት ሰው እንደሚጎድል ታወቀ። ሴትዮዋ ከቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ጋርም አስቀድማ ተነጋግራ ነበር። የኮሚቴው ዘመቻ ደለሉን ቦዩ ዳር ከምሮ ፎቶ ይነሣል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ደግሞ መልሶ ያስገባዋል። የሷ ማዳበሪያዎች ግን በዚያው ጠዋት ተጭነው ሄዱ። ማታ በቴሌግራም የጻፈችው የመጡትን ሰዎች ስምና ምስጋና ብቻ ነበር፤ ስለቀሩት አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

ኮሚቴው ይህ አሠራር «ተቋማዊ አይደለም» ይላል። የእድር ጥሩምባ ነፊም ተቋማዊ ቢሆን ኖሮ «የቀብርን ፋይዳ በመገንዘብ» እያለ ይዞር ነበር። እሱ ግን ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የትና በስንት ሰዓት እንደሆነ ተናግሮ ያልፋል። እድር መዝገብና ቅጣት አለው፤ የጽዳት በጎ ፈቃደኛ ይህ ሁሉ የለበትም። ስለዚህ እሱን ስም ጠርቶ መለመን ይበልጥ ያስፈልጋል።

ክቡራን የኮሚቴ አባላት፣ ቀጣዩን ጥሪ ከመልቀቃችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ ፈትሹ፤ ያነበበው ሰው «እመጣለሁ» ወይም «አልችልም» ብሎ ሊመልስላችሁ ይችላል? ካልቻለ ጥፋቱ የነዋሪው አይደለም። ያልጠየቀ ሰው መልስ አጣሁ ብሎ አይከስስም።