ብሩ ሄዷል ወይስ አልሄደም?

አዲስ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ሊጀመር ሲል ከአዲስ አበባ የሚላክልን ለምረቃው ቀን የተዘጋጀ ስላይድ ብቻ ነው። አብሮት የሚመጣው ትእዛዝም ሁልጊዜ ያው ነው፤ «ከዚህ ላይ ለደንበኛ አገልግሎት ሠራተኞች የተደጋጋሚ ጥያቄዎችን ሰነድ አውጡ።» ደባርቅም ዳባትም ያለን ባልደረቦች ይህን ትእዛዝ ስንሰማ ገና ከመጀመሪያው ይደክመናል። ስላይዱ የተሠራው አለቆችንና ጋዜጠኞችን ለማሳመን ነው። ሰነዱን የሚፈልገው ግን ብሩ የት እንደገባ ያላወቀ ሰው ስልክ ሲደውል የሚያነሳው ልጅ ነው።

ከስላይድ የሚወጣ ሰነድ ምን እንደሚመስል እናውቀዋለን። «ፈጣንና አስተማማኝ» የሚለው ርእስ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ይደረግበትና «አገልግሎቱ ፈጣን ነው ወይ?» ይሆናል። መልሱ «አዎ»። እንዲህ ብሎ የሚደውል ደንበኛ እስካሁን አልገጠመንም።

የሚያስከፋው ግን ከንቱነቱ ሳይሆን ጉዳቱ ነው። አንዱ ስላይድ «ቅጽበታዊ ማረጋገጫ» ይላል። ሰነዱ ላይም «የማረጋገጫ መልእክት መቼ ይደርሰኛል?» «በቅጽበት» ተብሎ ይገባል። አሁን አንድ በቅሎ አከራይ ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር ሲወጣ ዳባት ላለች እህቱ 1,500 ብር ላከ እንበል። እንደ ቴሌብሩ *127# ያለ አጭር ቁጥር ደውሎ መጠኑን፣ የእህቱን ቁጥርና የሚስጥር ቁጥሩን አስገባ፤ በዚያው ኔትወርኩ ጠፋ። መልእክት የለም። ኔትወርክ ያለበት ቦታ ሲደርስ ደወለ። ስልኩን ያነሳው ልጅ የተጻፈለትን አነበበለት፤ «በቅጽበት ይደርስዎታል»። ሰውየው ታዲያ ካልደረሰኝ አልሄደም ብሎ ደግሞ ላከ። 3,000 ብር ሄደ።

ለእህቱ ስለሆነ ይህኛው በቤተሰብ ያልቃል። ለነጋዴ ቢሆን ኖሮስ? ተቀባዩ ካልፈቀደ ድርጅቱ ከሰው ሂሳብ ላይ ብር አንስቶ መመለስ ቀላል አይሆንለትም። ተቀባዩ አውጥቶት ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

ምክንያቱን የቴክኒክ ሰዎች ጠንቅቀው ያውቁታል። ስክሪኑ ላይ ያለው ምልልስ አንድ ነገር ነው፤ ሂሳቡ ላይ የሚደረገው ዝውውር ሌላ፤ የጽሑፍ መልእክቱ ደግሞ ሦስተኛ ነው። የመጀመሪያው ተቋርጦ ሁለተኛው ሊፈጸም፣ ሁለተኛው ተፈጽሞ ሦስተኛው ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ሠራተኛው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የተቋረጠው የሚስጥር ቁጥሩን ከማስገባትዎ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብሎ ነው። በፊት ከሆነ ብሩ አልሄደም። በኋላ ከሆነ መልሱ «ደግመው አይላኩ» ብሎ ይጀምራል፤ ቀጥሎ «ቀሪ ሂሳብዎን ይመልከቱ፤ ከቀነሰ የላኩትን ዝርዝር ከፍተው የግብይት ቁጥሩን ይንገሩኝ» ይላል። ካልቀነሰም ዝውውሩ ወረፋ ላይ ሊሆን ስለሚችል ምን ያህል መጠበቅ እንዳለበት መነገር አለበት።

ያን የደቂቃ ቁጥር ከስላይዱ ብትፈልጉ አታገኙትም። የሚሰጠው ሲስተሙን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ነው። ስንጠይቅ «ስላይዱ ላይ አለ» ይሉናል። ስላይዱ ላይ ያለው «በቅጽበት» ነው!

ሰዓቱስ? ስላይዱ «የጥሪ ማእከል 8:00–20:00» ይላል። ሳይቀየር ይገለበጥና ደባርቅ ያለ ሰው 8 ሰዓት ሲባል ከምሳ በኋላ አድርጎ ይረዳዋል፤ ጠዋቱን ሙሉ ሳይደውል ይውላል። 20:00 ደግሞ በእሱ ሰዓት የለም። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል? የማስተዋወቂያው ቅናሽ የሚያበቃበትን ቀንም በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ያስቀምጡትና ቅናሹ ካለፈ በኋላ የሚመጣውን ጭቅጭቅ ለእኛ ይተዉልናል።

ትክክለኛዎቹ ጥያቄዎች እኮ የትም አልጠፉም። የቀድሞው አገልግሎት የቅሬታ መዝገብ አለ፤ ሠራተኞች በሙከራው ጊዜ ምን ላይ እንደተደናቀፉ ይታወቃል። እነዚያን አስቀድሞ በሰዉ አነጋገር ጽፎ፣ ከዚያ ስላይዱን ለመልሱ መፈተሽ ነበር የሚሻለው። መልስ ያልተገኘለት ጥያቄ ክፍት ሆኖ ይቀመጥና ማን እንደሚመልሰው ስሙ ይጻፍበት። «በቅርቡ» የሚሉት ስላይዶችም ሠራተኛው ዛሬ እንዳለ አድርጎ እንዳይነግር «ገና አልተጀመረም» ተብለው ይግቡ።

ይህንን ሁሉ ሠርተን ስንልከው ግን ተቆርጦ ይመለሳል። «ብሩ ሄዷል ወይስ አልሄደም?» የሚለው ጥያቄ የአገልግሎቱን ስም ያጠለሻል ተብሎ ይሰረዛል፤ በቦታው «አገልግሎቱ አስተማማኝ ነው ወይ?» ይገባል። በምረቃው ማግሥት ስልኩ ሲጮህ ልጆቹ የሚያነቡት እሱን ነው።