ያልጠረጠረ ተመነጠረ፦ በቴሌግራም ገበያ ለመበላት ስድስት ምክሮች

ሐራ ገበያ በሬ ሊገዛ የወጣ ሰው ጥርሱን ገልጦ ያያል፣ ትንሽ ያስኬደዋል፣ የማን እንደነበረና ለምን እንደሚሸጥ ይጠይቃል። ሻጩን የሚያውቅ ሰው ካገኘም ገለል አድርጎ ያነጋግረዋል። ያው ሰው ማታ ስልኩን ከፍቶ «ኦርጅናል፣ ከዱባይ የመጣ» የተባለ ስልክ በግማሽ ዋጋ ሲያይ ግን ሻጩ ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ብሩን በቴሌብር ይልካል። ሻጩ አዲስ አበባ ከሆነ ደግሞ ከሰሜን ወሎ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ሄዶ መጣላትም ሄዶ ማስመለስም ቀላል አይደለም። ሐራ፣ መርሳም ሆነ ወልድያ ያለ ገዢ ከመክፈሉ በፊት በእጁ ያለው ማስረጃ የሻጩ የገጽ ታሪክና የደንበኞቹ አስተያየት ብቻ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ስድስት ምክሮች የተገላቢጦሽ ናቸው። እንዳለ የተከተላቸው ሰው ገንዘቡን ያጣል። ከእያንዳንዱ ሥር ገንዘቡ እንዴት እንደሚጠፋና ከመጥፋቱ በፊት በምን እንደሚታወቅ ተጽፏል። ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ ቻናል እናስብ፤ 41 ሺህ ተከታይ አለው፣ ሱቄ ወልድያ ነው ይላል፣ በሱቅ ከ100 ሺህ ብር በላይ የሚጠየቅበትን ሳምሰንግ ኤስ24 አልትራ በ18 ሺህ ብር ይሸጣል።

1. ዋጋው ለምን እንደረከሰ አይጠይቁ

ሻጩ ምክንያት አያጣም። «የጉምሩክ ሐራጅ ነው»፣ «ልንዘጋ ስለሆነ ነው»፣ «ስላይትሊ ዩዝድ ነው» ይላል። ያገለገለ ስልክ በእርግጥ ይረክሳል፤ ነገር ግን ያገለገለም ቢሆን የራሱ የገበያ ዋጋ አለው፣ ያንን ዋጋ ደግሞ ወልድያ ያለ ማንኛውም የስልክ ሱቅ በደቂቃ ይነግርዎታል። ስልኩ ከአምስት አንድ እጅ በማይሞላ ዋጋ ከቀረበ ወይ የተሰረቀ ነው፣ ወይ አስመስለው የሠሩት ነው፣ ወይም ጭራሽ የለም።

አስመስሎ የተሠራ ስልክ «ሴቲንግ» ከፍተው ቢያዩትም ይዋሻል። 512 ጊጋ የሚለው ጽሑፍ ሶፍትዌሩ ላይ የተጻፈ ነው እንጂ ውስጡ ያለው ከዚያ በእጅጉ ያንሳል። ስለዚህ ሻጩ የሚልከው የ«ሴቲንግ» ፎቶ የዕቃውን እውነተኛነት አያሳይም። ዕቃውን መመርመር ካልተቻለ መመርመር ያለበት ሰውየው ነው።

2. የተከታዩን ቁጥር ብቻ አይተው ይመኑ

41 ሺህ ተከታይ ብዙ ነው፤ ግን ተከታይ በገንዘብ ይገዛል። የተገዛ ተከታይ ደግሞ አያነብም። በእያንዳንዱ የቴሌግራም ፖስት ሥር ከዓይን ምልክት አጠገብ ስንት ጊዜ እንደታየ ተጽፏል። የእኛ ቻናል ፖስቶች ሦስት ቀን ቆይተው እንኳ 300 ወይም 400 ጊዜ ነው የታዩት። ከመቶ ተከታይ አንዱ ብቻ የሚያየው ገበያ ሰው የሌለበት ገበያ ነው።

እይታም ይገዛል። ሲገዛ ግን ሌላ ምልክት ይተዋል፦ የሚወደድ ዕቃም ማንም የማይፈልገው ዕቃም እኩል ይታያል። እውነተኛ ገበያ ላይ አንዱ ፖስት 900፣ ሌላው 4 ሺህ፣ ቅናሽ ያለበት ቀን ደግሞ 7 ሺህ ሊታይ ይችላል። ሁሉም ፖስት 5 ሺህ ዙሪያ ሲዞር ካዩ ቁጥሩ ከሰው የመጣ አይደለም።

3. ወደ ላይ ወጥተው የድሮውን አያንብቡ

ብዙ ሰው የዛሬውን ፖስት አይቶ ይበቃዋል። ቻናሉ ላይ የሚታየውን ቀን ቢነኩ ግን የቀን መቁጠሪያ ይከፈታል፤ በዚያ እስከ መጀመሪያው ፖስት መሄድ ይቻላል። የእኛ ቻናል የመጀመሪያ ፖስት የተለጠፈው ከሁለት ወር በፊት ነው፤ ሻጩ ግን «ለስምንት ዓመት የታመንን» ይላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ቴሌግራም ለእያንዳንዱ ፖስት ተራ ቁጥር ይሰጣል፤ ፖስቱ ቢሰረዝም ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥም። የፖስቱን ሊንክ ኮፒ ሲያደርጉ መጨረሻው ላይ ያለው ቁጥር ያ ነው። የእኛ ቻናል የመጀመሪያ ፖስት ሊንክ እንዲህ ያበቃል እንበል፦

```
t.me/.../3187
```

ከእሱ በፊት 3186 ቁጥሮች ተሰጥተው ነበር ማለት ነው፤ አሁን አንዱም የለም። ጥቂት ቁጥር መዝለል የተለመደ ነው፤ አብረው የሚለጠፉ ፎቶዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር ይወስዳሉ፣ ሻጭም የተሸጠ ዕቃን ያነሳል። ከሥር ጀምሮ ከሦስት ሺህ በላይ ቁጥር ባዶ ሲሆን ግን ቻናሉ ትናንት የፊልም ወይም የኳስ ቻናል ሆኖ ተከታይ ሰብስቦ፣ ተሽጦ፣ ታጥቦ ዛሬ ሱቅ ተደርጓል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ስም ሲቀየር Channel name was changed የሚል መልእክት መሃል ላይ ይጻፋል፤ ሳይሰረዝ ከቀረ ያገኙታል። ሻጩ በፌስቡክ ከሆነ ደግሞ Page transparency የሚለውን ይክፈቱ፤ ገጹ መቼ እንደተፈጠረ፣ ስንት ጊዜ ስም እንደቀየረና አስተዳዳሪዎቹ ከየት አገር እንደሆኑ ይናገራል።

4. «ሱቄ እዚሁ ነው» ሲል አይፈትሹ

የአገራችንን ሰው የሚያታልል ሻጭ የአገራችንን ስም ይጠራል። እሱ የማያውቀውን ግን እኛ እናውቃለን። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያ በጦርነት ውስጥ ነበረች፤ ስልክም ባንክም አልነበረም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ሻጩ የቆየ ቻናል ካለው በቀን መቁጠሪያው ወደ ጥቅምት 2014 ይሂዱ። ወልድያ ሱቅ አለኝ የሚል ሰው በዚያ ወር በየቀኑ «አዲስ ዕቃ ገብቷል፣ ሱቃችን ክፍት ነው» ሲል ካገኙት ያን ጊዜ ወልድያ አልነበረም።

የ2015ቱ መቋረጥ እንዲህ ቁርጥ ያለ ማስረጃ አይሆንም። በዋይፋይ የሚሠራ ወይም አዲስ አበባ ያለ ወንድም የሚለጥፍለት ነጋዴ ሊኖር ይችላልና ብቻውን አይፈርድበትም፤ ሊጠየቅበት ግን ይገባል። ከሁሉም የሚቀለው መፈተሻ «ሱቁ ከየትኛው ባንክ ፊት ለፊት ነው? ነገ ዘመዴ ይመጣል» ማለት ነው። ሱቅ ያለው ሰው ደስ ብሎት አቅጣጫ ይነግራል። የሌለው «አሁን በዴሊቨሪ ብቻ ነው የምንሠራው» ይላል።

5. አስተያየቶቹን በብዛታቸው ይመዝኑ

በቻናላችን አንድ ፖስት ሥር 26 አስተያየት አለ፦ «ታማኝ ናችሁ»፣ «ደርሶኛል እናመሰግናለን»፣ «ምርጥ ዕቃ»። ሦስት ነገር እንይባቸው።

አንደኛ ሰዓታቸው። ሃያ ስድስቱም በአንድ ምሽት፣ በሁለትና በሦስት ደቂቃ ልዩነት የተጻፉ ናቸው። እውነተኛ ገዢ ዕቃው ሲደርሰው ነው የሚጽፈው፤ የአዲስ አበባው በማግሥቱ፣ የመርሳው ከአራት ቀን በኋላ።

ሁለተኛ ይዘታቸው። ዕቃውን በእጁ የያዘ ሰው ስለ ዕቃው ያወራል፦ «ጥቁሩን ነበር ያዘዝኩት ሰማያዊ ላኩልኝ»፣ «ባትሪው እስከ ማታ አይቆይም»፣ «ቻርጀሩ ለብቻ ነው የሚገዛው»። ቀለም፣ ቦታ ወይም ቅሬታ ያልተጠቀሰበት ምስጋና ከማንም አፍ ሊወጣ ይችላል። አንድም ቅሬታ የሌለበት ሻጭ ቅሬታውን የሚሰርዝ ሻጭ ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱ የፈለገውን አስተያየት ማጥፋት ይችላልና። በአንጻሩ ቅሬታ ቀርቦበት «ይመለስልን፣ እንቀይርልዎታለን» ብሎ የመለሰ፣ ገዢውም በሌላ ቀን «ቀየሩልኝ» ያለለት ሻጭ ሃምሳ ምስጋና ካለው ይልቅ ይታመናል።

ሦስተኛ ጸሐፊዎቹ። ስማቸውን ሲነኩ ፎቶ የላቸውም፣ ሌላ ቦታ አይገኙም። ከወራት በፊት ለጻፈ ሰው በውስጥ መስመር «ስልኩ እስካሁን ይሠራል ወይ? ስንት ቀን ፈጀ?» ብለው ይጠይቁ። ለሦስት ሰው ጽፈው አንዱ ካነጋገረዎት ከሃያ ስድስቱ የበለጠ ይጠቅማል።

አስተያየት መስጫውን ዘግቶ የ«አመሰግናለሁ» ስክሪንሾት ብቻ የሚለጥፍ ሻጭም አለ። እንዲህ ያለ ንግግር ሁለት ስልክ ያለው ሰው ቁጭ ብሎ ከራሱ ጋር ሊጽፈው ይችላል። የተዘጋ አስተያየት ማለት የተበላው ሰው መናገሪያ የለውም ማለት ነው።

6. ቀድመው ይክፈሉ፣ ሲበሉም ዝም ይበሉ

ታሪኩም አስተያየቱም የሚያሳዩት ማንን እንደማያምኑ ነው እንጂ ማንን እንደሚያምኑ አይደለም። ሐቀኛ ጀማሪ ነጋዴም አዲስ ቻናል አለው፤ የቆየ ንጹሕ ቻናልም ሊጠለፍ ይችላል። ስለዚህ ምርመራውን ያለፈ ሻጭ እንኳ አዲስ አበባ ባለ ዘመድ በኩል ዕቃው ታይቶ በእጅ በእጅ ይከፈለው። ዘመድ ከሌለ የስልኩን ቪዲዮ የእርስዎ ስምና የዕለቱ ቀን ከተጻፈበት ወረቀት ጋር አስቀርጸው ይቀበሉ። ይህ ዕቃው መኖሩን እንጂ ኦርጅናል መሆኑን አያረጋግጥም፤ ከሌላ ሰው ገጽ በተለቀመ ፎቶ የሚነግደውን ግን ይለያል። ሲከፍሉም በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ ላይ ከማረጋገጥዎ በፊት የሚወጣውን የተቀባይ ስም ያንብቡ፤ ከሻጩ ስም ጋር ካልገጠመ እዚያው ይቁም።

ከተበሉ በኋላ በዚያው ሰዓት ቻቱን፣ የፖስቱን ሊንክ፣ የቻናሉን ስምና የክፍያውን መለያ ቁጥር በስክሪንሾት ያስቀምጡ፤ ሻጩ ቻቱን ከሁለቱም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል። ወዲያው ለከፈሉበት ባንክ ወይም ለቴሌብር፣ ቀጥሎ ለፖሊስ ያመልክቱ። ዕቃው ደርሶ ጉድለት ያለበት ከሆነና ሻጩ የሚታወቅ ነጋዴ ከሆነ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥልዎ ወይም ገንዘብዎ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጥዎታል።

ከዚያ ይናገሩ። ብዙ ሰው አፍሮ ዝም ይላል፤ የሻጩ ገጽ ንጹሕ መስሎ የሚቀረው በዚያ ዝምታ ነው። ሻጩ የእርስዎን አስተያየት ከገጹ ቢሰርዘውም የወልድያና የመርሳ ሰው ከሚሰባሰብባቸው ግሩፖች ሊሰርዘው አይችልም። መቼ እንደከፈሉ፣ ምን እንደታዘዘና ምን እንደመጣ፣ ከቻናሉ ስምና ከፖስቱ ሊንክ ጋር ይጻፉ። ቀጣዩ ገዢ ያንን ቻናል ሲፈልግ የሚያገኘው እውነተኛ የደንበኛ አስተያየት የእርስዎ ይሆናል።