ድረ ገጻችሁ ዘበኛ ይቀጠርለት

ስሙን ለጊዜው ለማልጠራው ክሊኒክ ሥራ አመራር
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ በድረ ገጻችሁ ውስጥ የጠፋችውን እናቴን ይመለከታል

በቅድሚያ ለአዲሱ ድረ ገጻችሁ እንኳን ደስ ያላችሁ እላለሁ። እንደተከፈተ ዋና ሥራ አስኪያጁ ከነክራቫታቸው ብቅ ብለው ይቀበሉናል። ከራሳቸው በላይ ደግሞ 17 ቁልፎች በሁለት ረድፍ ተሰልፈዋል። የመጀመሪያው «ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴቶች» ይላል። ሆዷን ይዛ ከታክሲ የወረደች ሴት ከሁሉ አስቀድማ የምትጠይቀው ስለ እሴቶቻችሁ መሆኑን ከየት እንደደረሳችሁበት ባላውቅም፣ ጥናት ሳታደርጉ እንዳልወሰናችሁት አምናለሁ።

እኔ በሙያዬ ለድርጅቶች የድረ ገጽ ካርታ እሥላለሁ። የትኛው ገጽ በየትኛው ሥር ይቀመጥ፣ በየትኛው በር ይገባበት የሚለውን ወረቀት ላይ መወሰን ነው ሥራዬ። ይህን የምገልጸው ሥራ ፍለጋ እንዳይመስልባችሁ፤ የምጽፈው እንደ ልጅ ነው። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት፣ በየሦስት ወሩ እናንተ ጋ ትመላለሳለች። ባለፈው ወር ለደም ምርመራ ከመምጣቷ በፊት ቁርስ ትብላ አትብላ ለማወቅ ስልኬን አውጥቼ ወደ ድረ ገጻችሁ ገባሁ።

«ስኳር» የሚል ቃል የትም የለም። «ኢንዶክራይኖሎጂ ዩኒት» የሚል አለ፤ እሱም «ውስጥ ደዌ ዲፓርትመንት» ሥር፣ እሱም «ክሊኒካል ዳይሬክቶሬት» ሥር። ላብራቶሪው «ዲያግኖስቲክ ዳይሬክቶሬት» ሥር ነው። ለስኳር ሕመምተኛ በየዓመቱ መታየት ያለበት ዓይን ሌላ ዳይሬክቶሬት ውስጥ ነው። የእግር ቁስል እንክብካቤው «ነርሲንግ ሰርቪስ» ውስጥ ተደብቋል። ያኔ ገባኝ፤ የሠራችሁት የታካሚ ድረ ገጽ ሳይሆን የመዋቅራችሁን ሠንጠረዥ ነው። ማን ለማን ተጠሪ እንደሆነ በሚገባ ተረድቻለሁ። እናቴ ግን ሽሮዋን በላች። መጣች። «በልተዋል እንዴ? ነገ ይመለሱ» ተባለች።

አሁን የሚያስቀው ይመጣል። ቤት ተመልሼ፣ ለሙያዬ ስል፣ በአድራሻችሁ መጨረሻ ላይ `/sitemap.xml` ብዬ ጻፍኩ። ይህ ለጎግልና ለመሰሎቹ የሚዘጋጅ የገጾች ዝርዝር ነው፤ ለሰው ዓይን አልተሠራም። 63 ገጾች ተዘርዝረው አገኘሁ። ከዚያ ከፊት ገጻችሁ ተነሥቼ ማያያዣዎቹን አንድ በአንድ እየተጫንኩ የደረስኩባቸውን ቆጠርኩ። 54 ናቸው። ዘጠኙ ገጾች ከየትም አይደረስባቸውም። በሙያው ወላጅ አልባ ይባላሉ። ከዘጠኙ አንዱ «ከምርመራ በፊት የሚደረግ ዝግጅት» ነው! ውስጡ ሁሉም ነገር አለ፤ በባዶ ሆድ ለሚደረግ የስኳር ምርመራ ቢያንስ 8 ሰዓት ከምግብ መቆጠብ፣ ውኃ መጠጣት እንደሚቻል፣ ለማህፀን አልትራሳውንድ ፊኛ ሞልቶ መምጣት። የጻፈው ሰው ተጠንቅቆ ጽፎታል። ጎግል ያውቀዋል፣ እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ቁርስ የበላችው እናቴ ብቻ ናት ያላወቀችው።

ይቅርታ ይደረግልኝና አንድ ባልደረባችሁን ላመስግን። በራችሁ ላይ የቆሙት ጋሼ፣ ጥበቃው፣ ከድረ ገጻችሁ የተሻለ ካርታ በጭንቅላታቸው ይዘዋል። አንድ ጠዋት ቆሜ አዳመጥኳቸው። ለገባው ሁሉ የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ «ካርድ አለዎት?» «ምንዎን ነው ያመመዎት?» «ወይስ ውጤት ለመውሰድ ነው?» በሦስቱ ጥያቄ ሰው ሁሉ ቦታውን ያገኛል። አንድም ሰው «ክሊኒካል ዳይሬክቶሬት በየት ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው አልሰማሁም። በቃሬዛ ለመጣው ደግሞ ምንም አይጠይቁም፤ በሩን ብርግድ አድርገው «ወደ ግራ!» ይላሉ።

ስለዚህ የእሳቸውን ካርታ በወረቀት ላይ አወረድኩላችሁ። ድንገተኛ ከዝርዝሩ ውጭ ብቻውን በቀይ ይቁም፤ ሲጫኑት ስልክ ይደውል እንጂ ሌላ ገጽ አይክፈት። ከዚያ አምስት በሮች ይበቃሉ፦ «ሕክምና»፣ «ምርመራና ውጤት»፣ «ካርድና ቀጠሮ»፣ «ሐኪሞቻችን»፣ «አድራሻና ሰዓት»። ራዕይና ተልዕኮ ከገጹ ግርጌ በትንሽ ፊደል ይቀመጡ፤ የሚፈልጋቸው ሰው ወርዶ ያገኛቸዋል፤ ብዙ ጊዜ የራሳችሁ ሠራተኛ ነው።

አምስቱን በሮች ግን ከራሴ ጭንቅላት አላወጣኋቸውም፤ እንደዚያ ካደረግሁማ ከእናንተ በምን ተሻልኩ? አገልግሎቶቻችሁን በ40 ካርዶች ላይ ጻፍኩ፤ በአንድ ካርድ አንድ አገልግሎት፣ ያለ ዲፓርትመንት ስም። ከዚያ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የዕድር ሰው ሳልል 15 ሰው ያዝኩ። «አብረው የሚሄዱትን አንድ ላይ አስቀምጡ፣ ለየክምሩም ስም ስጡት» አልኳቸው። ለዚህ ሥራ ዐሥራ አምስት ሰው ገደማ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው በአብዛኛው የሰማኸውን መልሶ ይነግርሃል።

ያስተማረኝ ሰዎቹ የተስማሙበት ሳይሆን የተጣሉበት ካርድ ነው። አልትራሳውንድን የወለዱ ሴቶች ሁሉ ያለማመንታት ከእርግዝና ክትትል ጋር አስቀመጡት። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ጎረቤቴ ደግሞ «ይሄ ከራጅ ጋር ነው» ብሎ ከክምራቸው አነሣው። ሁለቱም ልክ ናቸው። እንደዚህ ያለ ካርድ ሲያጋጥም የሚሠራው ስህተት ገጹን ሁለት ጊዜ መጻፍ ነው። ከስድስት ወር በኋላ አንዱ ላይ ዋጋው ይስተካከላል፣ ሌላው ላይ አሮጌው ይቀራል፣ ሰውየው ካሸሩ ጋር ይጣላል። ገጹ አንድ ቤት ብቻ ይኑረው፣ «ምርመራና ውጤት» ሥር፤ በሮቹ ግን የፈለጉትን ያህል ይሁኑ። ከእርግዝና ክትትል ገጽ አንድ በር፣ ከኩላሊት አንድ በር።

የእናቴም ጉዳይ በዚህ ይፈታል። «የስኳር ክትትል» የሚል አንድ ገጽ «ሕክምና» ሥር ይከፈት። ሐኪሙ በየትኞቹ ቀናት እንዳለ ይናገር፤ ከዚያ ወደ ላብራቶሪው፣ ወደ ዓይን፣ ወደ እግር እንክብካቤ ይምራ፤ «በባዶ ሆድ ይምጡ» የሚለው ግን በማያያዣ ሳይሆን እዚያው ገጹ ላይ፣ ከቀጠሮ ቁልፉ በላይ ይጻፍ። አራቱ ክፍሎች ለአራት የተለያዩ ኃላፊዎች ተጠሪ መሆናቸው የእናንተ የውስጥ ጉዳይ ነው፤ በዚያ አንገባም።

ካርድ መደርደር የራሱ ገደብ አለው። ምን ከምን ጋር እንደሚሄድ ይነግራል፤ ሰው ፈልጎ ያገኘዋል ወይ የሚለውን አይነግርም። ስለዚህ ካርታውን ያለ ሥዕልና ያለ ቀለም፣ በባዶ ስሞች ብቻ፣ ለሌሎች 8 ሰዎች አሳየሁ። ጥያቄው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «የምርመራ ገጹን ፈልጉ» ካልኩ መልሱን በአፌ አቀበልኳቸው ማለት ነው። ያልኩት «ነገ ለአልትራሳውንድ ትሄዳላችሁ፤ ቁርስ ይፈቀድ እንደሆነ የት ታያላችሁ?» ነው። ስምንቱም በመጀመሪያው ንክኪ «ምርመራና ውጤት» አሉ። «ለሥራ ወደ ውጭ ለምትሄድ እህታችሁ የሕክምና ማስረጃ ያስፈልጋታል» ስላቸው ግን አራቱ ወደ «ምርመራና ውጤት»፣ አራቱ ወደ «ካርድና ቀጠሮ» ሄዱ፤ ከእነሱም ሁለቱ ገብተው ተመልሰው ወጡ። ካርታዬ እዚህ ላይ ወድቋል፤ አልደብቃችሁም። በሁለቱም በኩል በር ከፍቼለት እንደገና ልሞክረው ነው።

ስለ ቃላቱ ብዙ አልናገርም። ግን እባካችሁ፣ «አንገት በላይ» የሚል ጉሮሮውንም ጆሮውንም አፍንጫውንም በሁለት ቃል የሚያቅፍ ስም እያለን «ኦቶራይኖላሪንጎሎጂ» ብላችሁ የጻፋችሁት ለማን ነው? ጉሮሮው የታመመ ሰው እንኳን ሊያነበው ሊጠራው ይችላል? ቃሉን የሚያውቁት ስፔሻሊስቶች እንደሆኑ ታማሚ ሆነው አይመጡ።

የፍለጋ ሣጥናችሁም ሌላ ጉድ ነው። «ህጻናት» ብዬ ጻፍኩ፤ «ምንም አልተገኘም» አለኝ። እናንተ «ሕፃናት» ብላችኋል። የአማርኛ ተናጋሪ ሀን፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን እንደ ልቡ እያቀያየረ ይጽፋል። ፈላጊው ሣጥን ከመፈለጉ በፊት እነዚህን ሁሉ ወደ አንድ ፊደል መመለስ አለበት። ለባለሙያችሁ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እስከዚያው ግን ሞክሼ ሆሄ ያልለየች እናት ልጇን ታቅፋ «ክሊኒኩ ሕፃናት አያክምም» ብላ ልትመለስ ትችላለች፤ እናንተም የፊደል ፈተና እየሰጣችሁ መሆኑን አታውቁም።

ሰዓቱን ረስቼው ነበር። «አግኙን» የሚለው ገጽ ላይ «8:00 – 5:00» ይላል። ጎረቤቴ በእኛ አቆጣጠር አንብቦት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መጣ፤ የእሱ ሐኪም የሚያየው ጠዋት ብቻ ነበር። እስከ ማታ 5 ሰዓት ድረስ ትሠራላችሁ ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ ማውራቱንም ልነግራችሁ ይገባል። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ትንሽ ቦታ ይፈጃል፤ ከዋና ሥራ አስኪያጁ ፎቶ ላይ ትንሽ ቢቀነስ ይበቃል።

የካርታውን ንድፍ፣ የ63ቱን ገጾች ዝርዝርና የዘጠኙን ወላጅ አልባዎች ስም ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ደብዳቤውን መጀመሪያ በድረ ገጻችሁ በኩል ልልክ ሞክሬ ነበር። የቅሬታ ማቅረቢያው «ኳሊቲ አሹራንስ ዩኒት» ሥር መሆኑን አንድ ሠራተኛችሁ በጆሮዬ ነገረችኝ፤ ስጫነው ግን «የጠየቁት ገጽ የለም» አለኝ። ስለዚህ በአካል አመጣሁት። መዝገብ ቤት የት እንደሆነ የነገሩኝም ጋሼ ናቸው።

ከሠላምታ ጋር
የአንዲት ባለካርድ ታካሚ ልጅ

ግልባጭ፦
ለካርድ ክፍል
ለላብራቶሪ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮዋ በባዶ ሆዷ ለምትመጣው እናቴ
በሩ ላይ ላሉት ጋሼ