ሙሽራው ሁለት ጊዜ ተናገረብን

በእኛ ጊዜ ሙሽራ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጥ ነበር። የሚናገርለት ሽማግሌ ነው፤ ያውም እንደ እኔ ነገር የሚያውቅና ሲርበው የሚያሳጥር ሽማግሌ። ዛሬ ማይክራፎኑን ለራሱ ለሙሽራው ይሰጡታል።

የወንድሜ ልጅ ባለፈው ጥር የአሰላ ልጅ አገባ። የእኛ ወገን ከአማርኛ ሌላ አያውቅም፣ የሙሽሪት ቤት ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። ልጁ ሁለቱንም ቤተሰብ ላክብር ብሎ ንግግሩን በሁለቱም ቋንቋ አዘጋጀ። ደግ ሐሳብ ነበር። ግን አንዱን ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ይልና እዚያው በኦሮምኛ ይደግመዋል፤ ጩኮው በቅቤ ርሶ ፊት ለፊታችን ተቀምጧል፣ እኛ ምራቃችንን እንውጣለን።

ደግሞ ለማን ነው የሚደግመው? የሙሽሪት አባትና ወንድሞቿ አማርኛውን ከእኔ አሳምረው ይናገሩታል። ቀልዱን በአማርኛ ሲነግረን ከእኛ ጋር ሳቁ፤ በኦሮምኛ ሲደግመው ይሉኝታ ይዟቸው እንደገና ሳቁ። በዚህኛው ሳቅ ላይ የእኛ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። እህቴ ጆሮዬ ሥር ገብታ "ምን አለ? እኛን ነው እንዴ?" አለችኝ። እኔ ምን ላውቅ! ቆጥሬ ሳየው፣ በዚያ ድንኳን ውስጥ አስተርጓሚ የሚያሻን እኛና የሙሽሪት አያት ብቻ ነበርን።

እዚህ ላይ ግን ልጁን አልወቅሰውም። ከመድረክ ወርዶ አያቲቱ ፊት ተንበረከከና ጥቂት ነገር በኦሮምኛ ብቻ ተናገረ። ማንም አልተረጎመልን፣ እኛም አልጠየቅንም፤ ፊታቸውን እያየን ገባን። አበላሸው እንጂ መጨረሻ ላይ! ሊያመሰግን "ገለቶሚ" አላቸው። አጠገቤ የተቀመጡት የሙሽሪት አጎት ሳል ያዛቸው፤ ኋላ እንደነገሩኝ ለታላቅ ሰው "ገለቶማ" ነው የሚባለው፣ ልጁ አያትን "አንቺ" እንዳለ ሰው ሆነ። አያቲቱ ግን ስቀው ግንባሩን ሳሙት፤ ረጅም ምርቃትም መረቁት። እሱንም ማንም አልተረጎመልንም፣ ግን አሜን አልን።

ልጁ በዚያው ቢያበቃ ምን ነበረበት! ተመልሶ መድረክ ላይ ወጣና ስለ እሱና ስለ ሙሽሪት ትውውቅ ያወራውን በሁለቱም ቋንቋ ከመጀመሪያው ጀመረው።

እናንተ ዘንድሮ የምታገቡ ልጆች፣ ስሙኝ። በሁለቱም ቋንቋ የሚባለው እንኳን ደህና መጣችሁና የወላጆች ምስጋና ነው። ከዚያ ለእኛ በአማርኛ አንድ ወግ ንገሩን፤ ለአማቾቻችሁ ደግሞ በቋንቋቸው ሌላ ወግ፣ ያንኑ አይደለም። እነሱ ሲስቁ እኛ እንጠይቃቸዋለን፣ እኛ ስንስቅ እነሱ ይጠይቁናል፤ ዘመድ የሚሆነውም እንዲህ ሲጠያየቅ ነው። የምስጋናውን ቃል ከቤቱ ታላቅ ሰው ፊት አስቀድማችሁ ተለማመዱት። ከሁሉ በፊት ግን አብሉን።